ኢኤፍ 58 ሆኖ ቫልቩ ክፉኛ ሲያፈስ

ጥያቄ፦ «እህቴ 29 ዓመቷ ነው። በልጅነቷ ሩማቲክ ተብላ በየወሩ መርፌ ትወጋ ነበር፤ ከ4 ዓመት ወዲህ አቋርጣለች። ሰሞኑን ኢኮ፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ ተነስታ ወረቀቱ EF 58%, LVIDd 60 mm, LVIDs 42 mm, severe MR, mild TR, RVSP 51 mmHg ይላል። አንዱ ሐኪም ልቧ በደንብ ይሠራል፣ ከ6 ወር በኋላ ተመለሱ አለን። ሌላው ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል አለ። እሷ ደረጃ ስትወጣ ከመድከሟ በቀር ደህና ነኝ ትላለች። 58 ማለት 42 በመቶው ሞቷል ማለት ነው? የሚያፈሰው ሁለት ቫልቭ ነው? ብንጠብቅስ?»

ምላሽ፦ ከልቧ የሞተ ክፍል የለም። ኢኤፍ ከ100 የሚታረም የፈተና ውጤት አይደለም። በግራ በኩል ያለው የታችኛው የልብ ክፍል በደም ይሞላል፣ ከዚያ ይጨመቃል። ሲሞላ ከያዘው ደም ውስጥ በአንድ ምት ስንት በመቶው እንደወጣ የሚነግረን ቁጥር ኢኤፍ ይባላል። ጤነኛ ልብም ቢሆን ደሙን አሟጦ አያስወጣም። ለምሳሌ 100 ሚሊ ሊትር ቢይዝ 60 ያህሉን ይገፋል፣ 40 ያህሉን ያስቀራል፤ ኢኤፉ 60 በመቶ ነው። በሴቶች ከ54 እስከ 74፣ በወንዶች ከ52 እስከ 72 ያለው እንደ ጤነኛ ይቆጠራል። የመጀመሪያው ሐኪም 58ን አይቶ «ደህና ነው» ያለው ከዚህ መስፈርት ተነሥቶ ነው። መስፈርቱ ትክክል ነው፤ ችግሩ የተሠራው ቫልቫቸው ለማያፈስ ሰዎች መሆኑ ነው።

ኢኤፍ ደሙ ከክፍሉ መውጣቱን እንጂ ወዴት እንደሄደ አይናገርም። የእህትዎ የሚትራል ቫልቭ በግራው የላይኛውና የታችኛው ክፍል መካከል ያለ በር ነው። ልብ ሲጨመቅ ግጥም ብሎ መዘጋት አለበት፤ ካልተዘጋ ከደሙ ከፊሉ ወደ ላይ፣ ወደ ሳንባ አቅጣጫ ይመለሳል። ወረቀቱ severe MR ያለው ይህን፣ ከባድ የሚትራል ማፍሰስን ነው። ኢኤፍ ሲሰላ ግን ወደ ኋላ የተመለሰውም ደም «የወጣ» ተብሎ ይቆጠራል።

የእሷን ልክ በሚመስል ስሌት እንየው። ወረቀቱ LVIDd እንዳለው፣ ሲሞላ 60 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የታችኛው ክፍል 180 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይይዛል። ተጨምቆ ሲያበቃ 76 ሚሊ ሊትር ቢቀር፣ የወጣው 104 ነው። 104 ለ180 ሲካፈል 58 በመቶ ይመጣል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ይሄ ነው። አሁን ከ104ቱ 62ቱ በሚያፈሰው ቫልቭ ወደ ኋላ ተመለሰ እንበል። ለአንጎል፣ ለኩላሊት፣ ለእግር ጡንቻ የደረሰው 42 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ቫልቩ የማያፈስ ትንሽ ልብ በአንድ ምት 60 ያደርሳል። ጎድሎ የሚቀረውን ለማሟላት የእሷ ልብ በደቂቃ ወደ 96 ጊዜ መምታት ይኖርበታል፤ ያኔ 4 ሊትር ያህል ይደርሳል። ተቀምጣ ሳለ ይበቃታል። ደረጃ ስትወጣ ግን ልቡ የሚጨምረው ብዙ አቅም አይተርፈውም፤ ድካሙ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ደም ወደ ሰውነት የሚገፋው ከደም ግፊት ጋር ታግሎ ነው፤ ወደ ላይኛው ክፍል የሚመለሰው ግን እምብዛም የሚቃወመው ግፊት የለም። ስለዚህ ክፉኛ የሚያፈስ ሚትራል ያለው ልብ ጡንቻው መድከም ከጀመረ በኋላም ኢኤፉ ጥሩ ሆኖ ይታያል። ቁልቁለት ሲወርድ የፈጠነ ሰው ጉልበቱ የሚታወቀው ዳገት ሲጀምር ነው፤ እዚህ ዳገቱ የሚመጣው ማፍሰሱ በቀዶ ሕክምና የቆመ ዕለት ነው። በዚህ ምክንያት የቫልቩ አካል ራሱ ተበላሽቶ ከባድ የሚትራል ማፍሰስ ያለበት ሰው ላይ የልብ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ወሰን የተለየ ነው፦ ኢኤፍ 60 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ወይም ክፍሉ ተጨምቆ ሲያበቃ ያለው ስፋት 40 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ምንም ምልክት ባይኖርም ጊዜው የቀዶ ሕክምና ነው። ወረቀቱ ላይ LVIDs የተባለው ይህ ሁለተኛው ልክ ነው፤ የእሷ 42 ነው። ሁለቱንም ወሰን አልፋለች። በቁመትና በክብደት ትንሽ ከሆነች ደግሞ 42 ከሚመስለውም የባሰ ነው፤ ለትንሽ ሰውነት 40ም ሰፊ ነውና።

የማፍሰሱን ደረጃ በተመለከተ፣ ብዙ ሰው ምስሉን አይቶ የሚሳሳትበት ነገር ቀለሙ ነው። በስክሪኑ ላይ ያለው ቀይና ሰማያዊ የንጹሕና የቆሸሸ ደም ምልክት አይደለም። ቀዩ ወደ መመርመሪያው እጀታ የሚመጣ ደም ነው፣ ሰማያዊው ከእጀታው የሚርቅ ነው። ደሙ በጠባብ ቀዳዳ በኃይል ሲወረወር ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ዝንጉርጉር ይሆናል። የዝንጉርጉሩ ስፋት ብቻውን ግን የማፍሰሱ መጠን አይደለም፤ ባለሙያው የቀለሙን ቁልፍ ከፍና ዝቅ ሲያደርገው ይሰፋል፣ ይጠባል። የሕመምተኛዋ የደም ግፊት በዕለቱ ከፍ ብሎ ከነበረም ማፍሰሱ ብሶ ይታያል። ተቃራኒውም አለ፣ በሩማቲክ ቫልቭ ላይ ደግሞ ዋናው አደጋ እሱ ነው። ሩማቲክ የቫልቩን ቅጠሎች ያወፍራል፣ የያዟቸውን ክሮች ያሳጥራል፤ በተለይ የኋላኛው ቅጠል ደርቆ በቦታው ይቀራል። ያኔ የሚመለሰው ደም መሃል ለመሃል ሳይሆን የላይኛውን ክፍል ግድግዳ ታክኮ ይወጣል። ግድግዳ የታከከ ጅረት በስክሪን ላይ ቀጭን ይመስላል፤ «መካከለኛ» ተብሎ የተጻፈው ከባድ ሆኖ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

ስለዚህ «ከባድ» የሚለው ቃል የሚታመነው በልኬት ሲደገፍ ነው። ጅረቱ ቀዳዳውን በሚያልፍበት አንገቱ ላይ 7 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ መሆኑ፣ በአንድ ምት የሚመለሰው ደም 60 ሚሊ ሊትር መድረሱ፣ ወይም ከወጣው ደም ግማሹ መመለሱ ነው ልኩ። የእህትዎ ወረቀት ላይ ከነዚህ አንዱም ካልተጻፈ፣ ሲደገም እንዲለካ ይጠይቁ። ሆኖም የታችኛው ክፍል 60 ሚሊ ሜትር መድረሱ ለብቻው ምስክር ነው። ልብ በጥቂት ወራት እንዲህ አይሰፋም፤ ትርፍ ደም ለረጅም ጊዜ ሲሸከም የኖረ ልብ ነው እንዲህ የሚሰፋው።

ሁለተኛው ቫልቭ፣ TR የተባለው፣ በቀኝ በኩል ያለው ትራይከስፒድ ነው። ጥቂት ማፍሰስ ብዙ ጤነኛ ሰውም አለው፤ «ትሬስ» ወይም «ማይልድ» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ በሽታ አይባልም። በእሷ ወረቀት ላይ ዋጋው ሌላ ነው። ባለሙያው ደሙ በዚያ ቫልቭ በምን ፍጥነት እንደሚመለስ ለክቶ ከእሱ የሳንባ ደም ስሮችን ግፊት ያሰላል። ፍጥነቱ በሰከንድ 3.4 ሜትር ቢሆን፣ 3.4ን በራሱ አባዝቶ በ4 ማባዛት ነው፤ 46 ይመጣል። በላዩ የላይኛው የቀኝ ክፍል ግፊት፣ 5 ያህል፣ ይደመርና 51 ይሆናል። RVSP የተባለው ያ ነው። ጤነኛ ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ35 አይበልጥም። 51 መሆኑ የሚናገረው ከግራ ቫልቭ የተመለሰው ደም ጫናው እስከ ሳንባ መድረሱን ነው። ስለዚህ ቀላል የተባለውን የቀኝ ቫልቭ እንደ ሁለተኛ በሽታ አትቁጠሩት፤ የዋናውን በሽታ ክብደት የሚያሳይ መስታወት አድርጋችሁ ተመልከቱት።

ቁጥሩ ራሱ ምን ያህል ይታመናል? ኢኤፍ በዓይን ግምት፣ በአንድ መስመር ልኬት፣ ወይም ክፍሉን ከሁለት አቅጣጫ ዙሪያውን በመሳል ይሰላል። የመጨረሻው ይሻላል። ግን በእሱም ቢሆን ሁለት ባለሙያዎች አንድን ሰው ለክተው በ5 ነጥብ ቢለያዩ የሚያስደንቅ አይደለም። የልቡ ጫፍ በምስሉ ላይ ተቆርጦ ከቀረ ክፍሉ ያንሳል፣ ኢኤፉም ካለው በላይ ይመስላል። የልብ ምቱ የተዛባ ሰው ላይ ደግሞ አንድ ምት ለክቶ መጻፍ ስሕተት ነው፤ ቢያንስ የአምስት ምት አማካይ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዛሬ 58፣ በሚቀጥለው ወር ሌላ ቦታ 62 ቢመጣ «ተሻላት» ብላችሁ ቀጠሮ እንዳትሰርዙ። ምስሎቹን በሲዲ ወይም በፍላሽ ተቀበሉ፤ ቀዶ ሐኪም ወረቀቱን ሳይሆን የቫልቩን እንቅስቃሴ ማየት ይፈልጋል።

«ደህና ነኝ» የሚለውን ቃል ብዙም አትመኑት፤ ከትንፋሽ ማጠር ጋር ለዓመታት የኖረ ሰው ሳያውቀው ኑሮውን ይቀንሳል። ዳገቱን ትቶ ዙሪያውን ይሄዳል፣ ውሃ መቅዳቱን ለሌላ ይሰጣል፣ ከዚያ «ምንም አይሰማኝም» ይላል። ጥያቄው መቅረብ ያለበት እንዲህ ነው፦ ከሁለት ዓመት በፊት ሳትቆም የምትወጣውን ደረጃ ዛሬስ ትወጣዋለች? ከእኩዮቿ ጋር ስትሄድ ወደ ኋላ ትቀራለች? ሌሊት ስንት ትራስ ትደራርባለች? እርስዎ እንደጻፉት ደረጃ ያደክማታል፤ ከዚህ ልክ ጋር ሲታይ ያ ምልክት ነው። ከባድ ማፍሰስና ምልክት ሲገናኙ ደግሞ የቀዶ ሕክምናው ውሳኔ ኢኤፉን እንኳ አይጠብቅም።

አማራጮቹ ብዙ አይደሉም። ውሃ የሚያስወጣ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ላሲክስ፣ የሳንባን ጫና ያቃልላል፤ ትንፋሿ ይሻላታል፣ ቫልቩ ግን እንደ ተከፈተ ነው። የሚያፈስን ቫልቭ የሚዘጋ ክኒን የለም። «ባሉን አለ» የሚላችሁ ሰው ይኖራል፤ ባሉን የጠበበን ቫልቭ ይከፍታል፣ የሚያፈሰውን ያባብሰዋል። በእግር ደም ስር ገብቶ ቅጠሎቹን የሚቆነጥጥ ክሊፕም አለ፤ ነገር ግን ሩማቲክ ያወፈራቸውና ያሳጠራቸው ቅጠሎች ለእሱ የማይመቹ ናቸው። የሚቀረው መጠገን ወይም መቀየር ነው።

ቫልቩ ከተጠገነ ይመረጣል፤ የራሷ ሆኖ ይቀራል፣ ዕድሜ ልክ የደም ማቅጠኛ አያስፈልጋትም። ሩማቲክ ቫልቭን መጠገን ግን ከሌላው ይከብዳል፣ ከዓመታት በኋላም ሊበላሽ ይችላል። የሚወስነው የቅጠሎቹ ውፍረት፣ የካልሲየም መኖርና የክሮቹ ሁኔታ ነው፤ ለዚህ ነው በጉሮሮ የሚገባ ኢኮ የሚታዘዘው። መቀየር ካለበት ሁለት ዓይነት አለ። ብረቱ ረጅም ዕድሜ አለው፣ ግን ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ይጠይቃል። ለሚትራል ብረት ቫልቭ አይኤንአር የተባለው የደም ምርመራ ከ2.5 እስከ 3.5 መካከል መጠበቅ አለበት። ከዚያ ካነሰ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፣ ከበለጠ ይደማል። ዲክሎፌናክና የመሳሰሉ የሕመም ማስታገሻዎች ከዋርፋሪን ጋር አደገኛ ናቸው። ጎመን አይከለከልም፤ መጠኑ በየሳምንቱ መለዋወጡ ነው የሚያስቸግረው። ከእንስሳ ሕብረ ሕዋስ የሚሠራው ቫልቭ ዋርፋሪንን ዕድሜ ልክ አይፈልግም፣ ነገር ግን በወጣት ሰው ላይ ቶሎ ያረጃል፤ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና እንደሚመጣ አውቆ መግባት ነው።

በ29 ዓመት ሴት ላይ ይህን ምርጫ ከምንም በላይ የሚወስነው የልጅ ጉዳይ ነው። ዋርፋሪን በእርግዝና መጀመሪያ ወራት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል፤ አቋርጦ መቆየት ደግሞ በብረት ቫልቭ ላይ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ፣ እናቲቱንም ሊገድል ይችላል። ስለዚህ መውለድ የምትፈልግ ከሆነ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ራሷ ለሐኪሟ ትናገር፤ ቤተሰብ አፍሮ የሚያልፈው ጥያቄ አይሁን። የሳንባዋ ግፊት በዚህ ደረጃ ሳለም ማርገዝ የለባትም፤ በእርግዝና የሚጨምረውን ደም ይህ ልብ ይሸከማል ብሎ ማሰብ አይቻልም።

የተቋረጠው መርፌ ነገር ለብቻው አሳሳቢ ነው። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የተበላሸውን ቫልቭ አያድንም፤ የሚከለክለው አዲስ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ሌላ የሩማቲክ ትኩሳት አስነሥቶ የቀረውን እንዳይበላ ነው። ለአዋቂ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይሰጣል። ከባድ የቫልቭ ጉዳት ላለበት ሰው ቢያንስ እስከ 40 ዓመቱ፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልኩን ይቀጥላል። ቫልቩ ቢቀየርም አይቆምም። ሆኖም ራሳችሁ ሰፈር ክሊኒክ ወስዳችሁ አታስጀምሯት። ቫልቩ ክፉኛ የተጎዳና ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ከመርፌው በኋላ በሕመሙና በድንጋጤው የደም ግፊቱ ወርዶ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሰው ሐኪሙ የሚዋጥ ፔኒሲሊን በየቀኑ ሊያዝ ይችላል። በመርፌ ከተወሰነም ተኝታ፣ ውሃ ጠጥታ፣ ሐኪም ባለበት ይሁን።

ምክሬ አንድ ነው፦ 6 ወር አትጠብቁ። በሚቀጥሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት ውስጥ የልብ ሐኪምና የልብ ቀዶ ሐኪም አብረው ወደሚያዩበት ቦታ ምስሉን ይዛችሁ ሂዱ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ማዕከል ለዚህ የቆመ ነው፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ሌላ አማራጭ እየፈለጋችሁም ቢሆን መመዝገቡን አታዘግዩ። ቀዶ ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁት፦ ይህ ቫልቭ ይጠገናል? ሩማቲክ ቫልቭ ምን ያህል ጊዜ ጠግነዋል? በቀዶ ሕክምናው መሃል መጠገን እንደማይቻል ከታየ የትኛውን ያስገባሉ? ጥርሷንም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ታስመርምር፤ የበሰበሰ ጥርስ አዲሱን ቫልቭ የሚያመረቅዝ ጀርም ምንጭ ነው።

እስከዚያ ጋደም ስትል ትንፋሽ ካጠራት፣ አረፋ የመሰለ ሮዝ አክታ ካሳላት፣ ልቧ በድንገት ተዛብቶ መምታት ከጀመረ፣ ወይም ፊቷ ተጣሞ አንድ ጎኗ ከደከመ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ከጥቂት ቀናት በላይ የቆየ ትኩሳት ከያዛት ደግሞ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝታ እንዳትውጥ። ቫልቩ ተመርቅዞ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ ከደም ናሙናው ከቀደመ ጀርሙ ሳይገኝ ይቀራል።

ይህን የሚያነቡ ሌሎች ሰዎች የእሷን ውሳኔ ወደ ራሳቸው እንዳይወስዱ አንድ ልዩነት ልጥቀስ። ኢኤፉ 30 ሆኖ ሚትራሉም የሚያፈስ ሰው ብዙ ጊዜ በሽታው የተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ ጡንቻው ደክሞ ልቡ ሰፋ፣ ሲሰፋ ጤነኞቹ የቫልቭ ቅጠሎች ተራርቀው መገናኘት አቃታቸው። እዚያ ሕክምናው የሚጀምረው በመድኃኒት ነው። ለጥቂት ወራት በአግባቡ ሲወሰድ ኢኤፉ ከፍ ሊል፣ ማፍሰሱም ሊቀንስ ይችላል። 60 እና 40 የተባሉት ወሰኖች ለዚያ ሰው አይሠሩም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የመጀመሪያው ኢኮ ላይ ኢኤፉ 50 ወይም ከዚያ ዝቅ ብሎ ቢመጣ ሐኪሙ ልቧን አበላሸው ብላችሁ አትደንግጡ። ወደ ኋላ የሚመለሰው ደም ስለቀረ የጡንቻው ትክክለኛ አቅም ታየ ማለት ነው። በቀጣዮቹ ወራት ተከታታይ ኢኮ ይነሣላት። ክፍሉ እየጠበበ፣ የሳንባው ግፊት እየወረደ ከሄደ ኢኤፉም ብዙውን ጊዜ ያገግማል። ኢኤፉ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከ50 በታች እስኪወርድ የተጠበቀ ልብ ግን ቫልቩ ቢስተካከልም ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። እህትዎ እዚያ አልደረሰችም።